አምበሉ በእራት ላይ ሲቀልድ

የውድድር ዘመኑ አልቆ ቡድኑ ለእራት ሲሰበሰብ አምበሉ ተነስቶ ይናገራል። ተጫዋቾቹ የሚጠብቁት ምስጋና ብቻ አይደለም፤ የተሳቱት ጎሎችና የተደረደሩት ሰበቦችም ተራቸውን ይጠብቃሉ። ንግግሩ ከአምስት ደቂቃ ባያልፍ ይመረጣል። አምበሉ ሁሉንም ልንካ ካለ ነገሩ የስም ጥሪ ይሆንበታል። ሦስት ወይም አራት ሰው መርጦ የእያንዳንዱን ታሪክ በወጉ ቢያወራ ይሻላል።

የመጀመሪያው ተረኛ ራሱ አምበሉ ነው። «ዘንድሮ ሁለት ጎል አግብቻለሁ፤ አንዱ የራሳችን መረብ ላይ ነው» ብሎ ከጀመረ፣ ቀጥሎ የሚነካው ሰው አይከፋውም።

ሰው የሚስቀው በዝርዝሩ ነው። «አጥቂያችን ጎል ይስታል» ቢባል ማንም ፈገግ አይልም። አንድ የሰፈር ቡድን አምበል እንዲህ ቢል ግን ጠረጴዛው ይናጋል፦

«ጎሉ ወርዱ 7 ሜትር ከ32፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ44 ነው። በረኛው ወድቋል። ተከላካዮቹ ከዳኛው ጋር ይሟገታሉ። አጥቂያችን አራት እርምጃ ላይ ሆኖ መታት፤ ኳሷ ከአጥሩ ማዶ ቅቅል ድንች የሚሸጡት እማማ ዘንድ ደረሰች። ምነው ስንለው ‹ሜዳው ጎርባጣ ነው› አለ። በሳምንቱ ሌላ ሳተና ‹ታኬታው ጠበበኝ› አለ። በሦስተኛው ‹ፀሐይ ዓይኔን ወጋኝ› አለ። ጨዋታው በዝናብ ነበር።»

አምበሉ ሰበቦቹን በራሱ በአጥቂው አንደበት ነው ያስቀመጣቸው፤ ከቀላሉ ጀምሮም የማይታመነውን መጨረሻ ላይ አድርጎታል። ከራሱ የጨመረው «ጨዋታው በዝናብ ነበር» የምትለውን ብቻ ነው። እዚያ ላይ ዝም ብሎ ሳቁን መጠበቅ አለበት። «ውሸታም!» ብሎ ቢያክልበት ቀልዱ ወደ ክስ ይለወጣል።

ከባዱ ዋንጫ ያሳጣ ፍፁም ቅጣት ምት ነው። 4 ለ 1 ባሸነፉበት ቀን የተሳተ ኳስ ለቀልድ ይሆናል፤ ይሄኛው ግን ገና ቁስል ሊሆን ይችላል። መለያው ተጫዋቹ ራሱ ነው፤ ነገሩን መልበሻ ክፍል ውስጥ እያነሳ የሚስቅበት ከሆነ ይቀለድበታል፣ ሲነሳ አንገቱን የሚደፋ ከሆነ ይለፍ። የሚቀለድበት ከሆነ እ.ኤ.አ. በ1994 የዓለም ዋንጫ ፍጻሜ የመጨረሻዋን ምት ከአግዳሚው በላይ የሰደደው ሮቤርቶ ባጆ ይረዳል፦ «ባጆም ስቷል። ልዩነቱ፣ ባጆ ጣሊያንን ለፍጻሜ ያደረሰው በጎሎቹ ነው፤ ያንተን ግን እስካሁን እየፈለግን ነው።» እውነተኛ ጉዳትንና የሰው ሰውነትን መንካት ግን አይገባም፤ ሚስትና ልጆች በተቀመጡበት ደግሞ ይብሳል።

እያንዳንዱ ቀልድ በሰውየው እውነተኛ ሥራ ይዘጋል። «ይሄ ሰው አንድም ልምምድ ቀርቶ አያውቅም፤ ማልያችንንም ሲያጥብ የከረመው እሱ ነው» ከተባለ፣ አጥቂው ለጭብጨባው ተነስቶ እጅ ይነሳል፤ አምበሉም ወደ በረኛው ይዞራል።