ክቡ ፊደል እንቁላል ሲመስል

የቲማቲም ድልህ ጣሳ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ልጦ ጠረጴዛ ላይ የዘረጋ ሰው ጽሑፉን እንዳለ ያገኘዋል። ወረቀቱ ሲጠቀለልም ሆነ ሲዘረጋ አይሳብም፤ አይጨማደድምም። በክብ ዕቃ ላይ ስም የሚቀርጽ ባለሙያም የሚፈልገው ይህንኑ ነው፤ ፊደሉ በዕቃው ላይ እንደ ወረቀቱ እንዲጠቀለል።

ጀማሪዎች ግን ብዙ ጊዜ ፊደሉን ከፊት ለፊት እንደ ጥላ ይጥሉታል። በኮምፒውተር የንድፍ ፕሮግራም ውስጥ ስሙ ዝርግ ላይ ይጻፍና በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል። መሃሉ ያምራል፤ ጠርዙ ይለጠጣል።

ለምሳሌ የጠረጴዛ ስም መጻፊያው ዲያሜትሩ 60 ሚሊሜትር የሆነ ሲሊንደር፣ ስሙም 50 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ይሁን። እንደ ጥላ ከተጣለ መሃል ያለው ፊደል ስፋቱን ሲጠብቅ ጫፍ ላይ ያለው ወደ 1.8 እጥፍ ይሰፋል፤ ጠቅላላው ጽሑፍም በገጹ ላይ 59 ሚሊሜትር ይደርሳል። ቁመቱ ግን አይለወጥም። ጉድለቱን ለመያዝ «ዐ»ን በመሃልና በሁለቱም ጫፍ መጻፍ ይበቃል። የጫፎቹ ክቦች እንቁላል ከመሰሉ ፊደሉ አልተጠቀለለም ማለት ነው።

መፍትሔው ሲሊንደሩን በሐሳብ መዘርጋት ነው። ዙሪያው 60 በ3.14 ሲባዛ 188.5 ሚሊሜትር ገደማ ስለሚሆን 50 ሚሊሜትሩ ስም ከሙሉው ዙር 95 ዲግሪ ያህሉን ይይዛል። በሶሊድወርክስ `Wrap`፣ በፊውዥን ደግሞ `Emboss` የተባሉት ትእዛዞች ይህን ጥቅለላ ራሳቸው ይሠሩታል።

ጎልቶ የሚወጣ ፊደል አንድ ነገር ይጨምራል። ስሙ 1 ሚሊሜትር ከፍ ካለ የፊደሉ ፊት ከሲሊንደሩ ራዲየስ ይርቃልና ስፋቱ በ3 ከመቶ ገደማ ያድጋል፤ ይህን ዓይን አይለየውም። ከፍታው 3 ሚሊሜትር ሲሆን ግን ጭማሪው 10 ከመቶ ይደርሳል፤ ስለዚህ ንድፉ አስቀድሞ በዚያው ልክ መጥበብ አለበት።

ቅርጹን ወደ ብረት የሚያወርደው ዕቃውን ጨብጦ የሚያዞር ሌዘር ከሆነ ደግሞ ዲያሜትሩ በትክክል ሊነገረው ይገባል። ማሽኑ የሚያዞረው በዲግሪ ነው። 60 ተብሎ የተሞላለት ዕቃ በእርግጥ 54 ሚሊሜትር ከሆነ ጽሑፉ 10 ከመቶ ይጠባል። አስቀድሞ በማይፈለግ ቁራጭ ላይ 20 ሚሊሜትር መስመር በዙሪያው ቀርጾ፣ በቀጭን ወረቀት ለክቶ ማየት ስሕተቱን ያጋልጣል።

በትክክል የተጠቀለለ ስም እንኳ ከአንድ ቦታ ሲታይ ጫፎቹ ጠበው ይታያሉ፤ በምሳሌው ላይ የመጨረሻው ፊደል ከፊት ለፊት ለሚያየው ሰው ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ይሰፋል። የሚገርመው፣ ከዚያው ቦታ ሳይዛነፍ የሚነበበው እንደ ጥላ የተጣለው ነው። በእጅ እየዞረ ለሚነበብ ኩባያ ጥቅለላው ይመረጣል፤ ከወንበር ማዶ ብቻ ለሚነበብ የቢሮ ስም ግን ጽሑፉን ማሳጠር ወይም ሲሊንደሩን ማወፈር ይቀላል።