ምጣዱ ወይስ ማቀዝቀዣው?

በየወሩ የምንከፍለውን የኤሌክትሪክ ሒሳብ ከፍ የሚያደርገው የትኛው የቤት ዕቃ እንደሆነ ለመገመት፣ በዕቃው ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ማንበብና የሚሠራበትን ሰዓት መቁጠር ያስፈልጋል። የተጻፈው የዋት መጠን ዕቃው በሥራ ላይ ሳለ የኤሌክትሪክ ኃይልን ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚወስድ ይገልጻል። ቆጣሪው የሚመዘግበው ግን ኪሎዋት ሰዓትን ነው፤ ይህም ዋቱ በሰዓት ተባዝቶ ለ1000 ሲካፈል የሚገኝ ነው።

ባለ 3500 ዋት የእንጀራ ምጣድና ባለ 150 ዋት ማቀዝቀዣ ያሉበትን አንድ ቤት እንውሰድ። በዚህ ቤት በሳምንት ሁለት ቀን፣ በእያንዳንዱም ቀን ለሁለት ሰዓት እንጀራ ይጋገራል እንበል። የአንዱ ቀን ጋገራ 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ የአራት ሳምንቱ ደግሞ 56 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። ማቀዝቀዣው ቀንና ሌሊት ተሰክቶ ስለሚውል በ24 ሰዓት ብናባዛው በቀን 3.6፣ በአራት ሳምንት ወደ 101 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በዚህ ስሌት መሠረት ማቀዝቀዣው ምጣዱን በእጥፍ ሊበልጠው ምንም አልቀረውም።

ይሁን እንጂ ተሰክቶ መዋልና መሥራት አንድ አይደሉም። የማቀዝቀዣው ሞተር ውስጡ በሚፈለገው መጠን ሲቀዘቅዝ ይቆማል፤ ሙቀቱ ከፍ ሲል እንደገና ይነሣል። ይህንን ለመለካት ሰዓት ይዞ የሞተሩን ድምፅ ማዳመጥ ይበቃል። ለምሳሌ 10 ደቂቃ ሠርቶ 20 ደቂቃ የሚያርፍ ከሆነ በቀን የሚሠራው 8 ሰዓት ብቻ ነው። ፍጆታው በቀን ወደ 1.2፣ በአራት ሳምንት ወደ 34 ኪሎዋት ሰዓት ይወርዳል፤ ቀዳሚነቱንም ምጣዱ ይወስዳል። በአንጻሩ የበሩ ጎማ አርጅቶ ቅዝቃዜው የሚያመልጥ ከሆነና ሞተሩ በቀን ከ13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ በላይ የሚሠራ ከሆነ፣ ማቀዝቀዣው መልሶ ምጣዱን ይበልጣል።

ለንጽጽር ያህል፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ አምስት የኤልኢዲ አምፖሎች በየምሽቱ ለአምስት ሰዓት ቢበሩ በአራት ሳምንት የሚፈጁት 7 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለትም የአንድ ቀን ጋገራ ያህል ብቻ ነው።

በምጣዱ ላይ የተጻፈው ዋትም ቢሆን ትክክል የሚሆነው ምጣዱ በተሠራበት ቮልቴጅ ሲሠራ ነው። በ220 ቮልት 3500 ዋት የሚወስድ ምጣድ ቮልቴጁ ወደ 200 ሲወርድ የሚወስደው 2900 ዋት ያህል ነው። ይህ ግን ቁጠባ አይደለም፤ ምጣዱ ቀስ ብሎ ስለሚግል ጋገራው ይረዝማል፣ በዚያው መጠንም ወደ አየር የሚባክነው ሙቀት ይጨምራል።

ጽሑፍ ለሌለው ወይም ለተፋቀበት ምጣድ ዳኛው ቆጣሪው ነው። ሌሎቹን ዕቃዎች ሁሉ ነቅሎ፣ ከጋገራው በፊትና በኋላ የታየውን ንባብ መመዝገብና ልዩነቱን መውሰድ ብቻ በቂ ነው።