ብርሃኑ ደርሶ መልእክቱ ሲጠፋ

ቴክኒሻኑ የመስመሩ ጫፍ ላይ የብርሃን መለኪያውን ሰካ። ብርሃኑ በቂ ነው፤ ዳታው ግን በስህተት ተሞልቷል። እንዲህ ሲሆን የተቆረጠ ወይም የታጠፈ ቦታ መፈለግ ብዙም አይረዳም። ምናልባት ብርሃኑ አላነሰም፤ የሚደርስበት ሰዓት ነው የተለያየው።

የኦፕቲካል ፋይበር መሃል እምብርት፣ ዙሪያው ደግሞ ሌላ የመስታወት ሽፋን ነው። ብርሃን በእምብርቱ ውስጥ ከሽፋኑ ይልቅ ቀስ ብሎ ይጓዛል። ይህ ልዩነት የሚለካው በስብረት መጠን ነው፤ የእምብርቱ 1.48፣ የሽፋኑ 1.46 ነው እንበል። ጨረሩ ሽፋኑን ታክኮ ብቻ ከነካው ሙሉ በሙሉ ተንጸባርቆ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ቀና ብሎ ከመታው ሾልኮ ይወጣል። በእኛ ፋይበር ውስጥ ጨረሩ ከመሃል መስመሩ ከ9.4 ዲግሪ በላይ ማዘንበል የለበትም።

ጨረሩ ከአየር ወደ መስታወት ሲገባ ስለሚሰበር፣ ከውጭ ሲታይ ይህ ገደብ 14 ዲግሪ ይሆናል። የመቀበያ ዘዌ የሚባለው ይኸው ነው። የ14 ዲግሪ ሳይን 0.24 ነው፤ ባለሙያዎች ኒውመሪካል አፐርቸር ይሉታል፦

NA = √(n₁² − n₂²)

ቁጥሩ ሲያድግ ብርሃን ማስገባት ይቀላል፤ ርካሽ አምፖል እንኳ ይበቃል። ዋጋው ግን ኋላ ይከፈላል።

መሃል ለመሃል የሄደው ጨረር አንድ ኪሎ ሜትር ለመጨረስ 4.94 ማይክሮሰከንድ ይፈጅበታል። በገደቡ ላይ እየተንጸባረቀ የሚሄደው ግን መንገዱ ስለሚረዝም 68 ናኖሰከንድ ዘግይቶ ይደርሳል። አብረው የተነሱት በየተራ ሲደርሱ አጭሩ ብልጭታ ይለጠጣል። በሰከንድ 20 ሚሊዮን ብልጭታ ብንልክ በመካከላቸው ያለው ጊዜ 50 ናኖሰከንድ ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጅራት ከተከታዩ ጋር ይደባለቃል። በ100 ሜትር ላይ ግን መዘግየቱ 7 ናኖሰከንድ ገደማ ስለሆነ ችግር የለም። ለዚህ ነው ያው መሣሪያ በአጭር መስመር ሠርቶ በረጅሙ እምቢ የሚለው።

ብርሃን ሞገድ በመሆኑ በፈለገው ዘዌ ሁሉ አይጓዝም፤ የሚፈቀዱለት መንገዶች የተቆጠሩ ናቸው። እነዚህ ሞድ ይባላሉ። አንዱ መፍትሔ የእምብርቱን የስብረት መጠን ከመሃል ወደ ዳር ቀስ በቀስ መቀነስ ነው። ሩቅ መንገድ የሚዞረው ጨረር ዳር ዳሩን ፈጥኖ ስለሚሄድ፣ ሁሉም ከሞላ ጎደል እኩል ይደርሳል። ቁርጥ ያለው መፍትሔ ግን እምብርቱን ወደ 9 ማይክሮሜትር አጥብቦ አንድ ሞድ ብቻ ማስቀረት ነው። ያን ጊዜ አምፖል አይበቃም፤ በጥንቃቄ የተነጣጠረ ሌዘር ያስፈልጋል።

ሁለቱን ዓይነት አታቀላቅሉ። ከ50 ማይክሮሜትር እምብርት ወደ 9 የሚሻገር ብርሃን አብዛኛው መገጣጠሚያው ላይ ይቀራል። ስለዚህ ኬብል ከመግዛታችሁ በፊት ልባሱ ላይ የታተመውን አንብቡ፤ OM ካለ ባለ ብዙ ሞድ፣ OS ካለ ባለ አንድ ሞድ ነው።