ገና ይቅር ያላልኩትን ስጽፍ

ሽማግሌዎች ከታላቅ ወንድሜ ጋር ሲያስታርቁን «ይቅር ለእግዜር» ብያለሁ። ተሳስመን ቡና ጠጥተናል። አራት ዓመት አለፈው፤ አሁንም ስልኬ ላይ «ጋሼ» የሚለው ስም ሲመጣ ሆዴን ይቆርጠኛል።

ስለ እርቁ ልጽፍ ስቀመጥ መጀመሪያ የመጣልኝ «ያለፈው አለፈ፣ ይቅር ብዬዋለሁ» የሚል ነበር። ሳነበው ግን በደሉ ገጹ ላይ የለም። እናታችን ታማ ሆስፒታል ሳለች ቤቷን በውክልና እንደሸጠው፣ እሷም የተሸጠውን ቤት ቁልፍ በመቀነቷ ቋጥራ ከሆስፒታል እንደወጣች አልጻፍኩም። ይቅርታው እውነት እንዳልሆነ የነገረኝ ይህ ነው፦ ምኑን ይቅር እንዳልኩ መናገር አልፈለግኩም።

ከዚህ ያወጣኝ የሲሞን ቪዘንታል «የሱፍ አበባ» ነው። ቪዘንታል አይሁዳዊ ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ልቮቭ ከተማ የናዚ እስረኛ ሳለ አንዲት ነርስ ወደ አንድ ሊሞት የተቃረበ የኤስኤስ ወታደር ትወስደዋለች። ወታደሩ ፊቱ በፋሻ ተጠቅልሏል። አይሁዶችን ቤት ውስጥ አጉረው እንዳቃጠሉ፣ ለማምለጥ የዘለሉትንም እንደተኮሱባቸው ይናዘዝና ይቅርታ ይለምነዋል። ቪዘንታል አንዲት ቃል ሳይመልስ ወጣ።

መጽሐፉ የታተመው በ1969 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ያህል ዘመን ቆይቶም «ዛሬ ይቅር ብዬዋለሁ» አይልም፤ ዝምታዬ ልክ ነበር ብሎም አይደመድም። አንተ በእኔ ቦታ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር ብሎ አንባቢውን ይጠይቃል። እኔን የያዘኝ ግን አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ወታደሩ ሲናገር ዝንብ ያስቸግረዋል፤ ቪዘንታል በእጁ እሽ ይላታል። ይቅር አላለውም፤ ዝንቧን ግን አባረረለት። ሁለቱንም ጻፈው፤ አንዱ ሌላውን እንዲሸፍነው አላደረገም።

ቁጣም እንደ ችኩል ይቅርታ ይዋሻል። ሁለተኛው ጽሑፌ ወንድሜን ጭራቅ አድርጎት ነበር። የቤቱ ገንዘብ ግማሹ ለእናታችን ሕክምና እንደዋለ አውቃለሁ፤ ግን አስቀርቼው ነበር። ስመልሰው ንዴቴ አልበረደም፤ ጽሑፉ ግን የሚታመን ሆነ።

ከዚያ ግሶቹን አየሁ። «ይቅር ብያለሁ» ያለቀ ነገር ነው፣ ለእኔ አላለቀም። «ይቅር እላለሁ» ደግሞ ቃል መግባት ነው፤ መጠበቄን እርግጠኛ አይደለሁም። «ሽማግሌ ፊት ይቅር ብያለሁ፤ ብቻዬን ስሆን ግን ገና ነኝ» ብዬ ጻፍኩ። ይህን ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልሰረዝኩትም።

ባለፈው እሑድ ደወለ። ሦስተኛው ጥሪ ላይ አነሳሁት። ስለ እናታችን ጉልበት፣ ስለ ዝናቡ አወራን። እሱንም ከታች ጨመርኩት።