ጉድጓዱ ከተደረመሰ በኋላ ያሉት 14 ቀናት

ሐምሌ 12 ሌሊት በአዲስ አበባ የጣለ ዝናብ፣ ስድስት ሜትር የተቆፈረን የምድር ቤት ጉድጓድ አንዱን ጎን ደረመሰው እንበል። ጭቃው ለመሠረቱ ታስሮ ያለቀውን ብረት አጣሞ ቀበረው፤ የጎረቤት አጥርም ተሰነጠቀ። ጠዋት ሳይት የደረሰው ፎርማን መጀመሪያ የሚያስበው ኤክስካቫተር ማስነሳት ነው። ኮንክሪት የሚሞላበት ቀን ተቆርጧል፤ በዚያ ላይ የመዘግየት ቅጣት አለ።

ተቋራጩ ኮንትራክተርስ ኦል ሪስክ የሚባለውን የግንባታ መድን ገዝቷል። ስሙ ሁሉን አቀፍ ይመስላል እንጂ የማይሸፍነው ብዙ ነው፤ ካሳ እስከማስከልከል የሚያደርሰው ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱ ራሱ ሳይሆን ከጉዳቱ በኋላ ባሉት ቀናት የሚሠራው ሥራ ነው። በዓለም ዙሪያ በስፋት የሚሠራበት የጀርመኑ ሙኒክ ሪ መደበኛ ውል እንደሚለው፣ ካሳ ሊያስጠይቅ የሚችል ነገር ሲደርስ መድን ገቢው ወዲያው በስልክም በጽሑፍም ያሳውቃል። አደጋው በደረሰ በ14 ቀናት ውስጥ ማስታወቂያው ካልደረሰው መድን ሰጪው አይከፍልም።

ቆጠራው የሚጀምረው ኪሳራው ተሰልቶ ካለቀበት ቀን ሳይሆን አደጋው ከደረሰበት ቀን ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የጠፋውን ብረት መዝነው፣ የተበላሸውን ሥራ ተምነው፣ ሙሉ ሰነድ ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ። ማስታወቂያ ግን የካሳ ጥያቄ አይደለም። የጉዳቱን ዓይነትና ግምታዊ መጠን ከጠቆመ ይበቃዋል፤ ስሌቱ በኋላ ይደርሳል። ጉዳቱ ከተቋራጩ ተቀናሽ ድርሻ በላይ መሆኑ ገና ባይታወቅም ማሳወቁ አይጎዳም፤ ዛሬ ትንሽ የመሰለ ስንጥቅ ከወር በኋላ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

ሌላው መሰናክል መልእክቱ የሚያልፍባቸው እጆች ናቸው። ሳይት ኢንጂነሩ ለፕሮጀክት ኃላፊው ይነግራል፣ ኃላፊው ለዋናው ቢሮ፣ ቢሮው ደግሞ ለደላላው። አማካሪው መሐንዲስም በሳይት መዝገብ ላይ ጽፎታል። ይህ ሁሉ ሆኖ መድን ድርጅቱ ጋ የደረሰ ነገር ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ስልኩ ከተደወለ በኋላ የውሉን ቁጥር፣ የፕሮጀክቱን ስም፣ ቦታውን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የያዘ ደብዳቤ በቀጥታ ለመድን ሰጪው መዝገብ ቤት ገብቶ ቅጂው ላይ የተቀባይ ማህተም ማስመታት ያሻል።

ደብዳቤው ላይ መንስኤን በግምት መጻፍ አደገኛ ነው። «የቁፋሮው ድጋፍ ደካማ ስለነበረ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሳይጣራ ከወጣ ክርክሩን ወደ ሥራ ጉድለት ወይም ወደ ዲዛይን ስህተት ይወስደዋል። መደበኛው ውል ደግሞ በዲዛይን ስህተት የመጣን ጉዳት አይሸፍንም፤ ጉድለት ያለበትን ሥራ ራሱን ማስተካከያም አይከፍልም። «ከሌሊቱ ከባድ ዝናብ በኋላ ተደርምሷል፤ መንስኤው እየተጣራ ነው» ማለት እውነትም በቂም ነው። የዝናቡን መጠን የሚያሳይ ማስረጃ በኋላ ከኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት መጠየቅ ይቻላል።

ኤክስካቫተሩስ? ውሉ ሁለት ነገር ያዛል፤ አንዱ ሌላውን የሚቃረን ይመስላል። ጉዳቱ እንዳይሰፋ የተቻለውን ሁሉ አድርግ ይላል፤ የተጎዳውን ነገር ደግሞ እስኪታይ ጠብቅ ይላል። እዚህ ሳይት ላይ ሲተረጎም፣ ውሃው በፓምፕ ይወጣል፣ የቀረው ጎን ይደገፋል፣ ሰው እንዳይጠጋ ይታጠራል። ይህን ለማድረግ ማንንም መጠበቅ አያስፈልግም። ጭቃውን ጠርጎ ብረቱን እንደገና ማሰር ግን የመድን ሰጪው ተወካይ እስኪያይ ይቆያል። ለደኅንነት ሲባል መነሳት ያለበት ነገር ካለ፣ ከመነሳቱ በፊት ከየአቅጣጫው ፎቶ ይነሳል፤ የተጣመመው ብረትም ተለይቶ ይቀመጣል እንጂ ለቁራሌው አይሸጥም። በጣም ትንሽ ጉዳት ብቻ ካሳወቁ በኋላ ወዲያው ሊጠገን ይችላል።

አጥራቸው የተሰነጠቀባቸው እናትስ? ፎርማኑ ደግ ሰው ስለሆነ «እማማ፣ አይዞዎት፣ እኛ እናሠራልዎታለን» ይላቸዋል። ነገሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በውሉ የሦስተኛ ወገን ክፍል፣ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋትን ማመንም ሆነ ካሳ ቃል መግባት አይፈቀድም። «ለመድን ድርጅቱ አሳውቀናል፤ መጥተው ያዩልዎታል» ቢላቸው ይሻላል። ከእሳቸው የሚመጣ ማንኛውም የካሳ ደብዳቤም ሳይመለስለት ወደ መድን ሰጪው ይተላለፋል።

ማስታወቂያው ሐምሌ 14 ገብቶ ተወካዩ ሳይመጣ ቀኑ ቢነጉድ፣ ተቋራጩ ጉድጓዱን አፍጥጦ እያየ እንዲቀመጥ አይጠበቅም። እንደ ሁኔታው በቂ የሚባል ጊዜ ካለፈ ጥገናውን መጀመር መብቱ ነው። የሚጀምርበትን ቀን በሁለተኛ ደብዳቤ አስቀድሞ ቢያሳውቅ፣ «ሳናይ አፈረስከው» የሚል ክርክር ሲነሳ የሚያሳየው ሰነድ ይኖረዋል።