የደበዘዘ ፎቶ ተመልሶ ይጠራል?

ከሚሄድ መኪና ውስጥ በስልክ የተነሳ ፎቶ ብዥ ይላል። ካሜራው ብርሃን በሚቀበልበት ቅጽበት ስልኩ ስለሚንቀሳቀስ፣ ነጥብ መሆን የነበረበት ነገር ተስቦ ጭረት ይሆናል። ይህን ብዥታ ሆን ብሎ መፍጠርና መልሶ ማጥፋት፣ የምስል ሂደት ተማሪዎች በማትላብ ከሚሠሯቸው የተለመዱ የላብራቶሪ ሥራዎች አንዱ ነው። ብዙዎቹ ሪፖርቶች ሦስት ምስሎች ደርድረው ያበቃሉ፤ ዋናው፣ የደበዘዘው፣ የጠራው። ሦስተኛው ቁርጥ የመጀመሪያውን ከመሰለ ግን መጠርጠር ይገባል።

ለዚህ ሥራ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ ከማትላብ ጋር የሚመጣው የካሜራ ባለሙያው ምስል ነው። ረጅም ካፖርት የለበሰ ሰው በባለሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያለ ካሜራ ሲመለከት ያሳያል፤ ጥቁርና ነጭ ነው፣ በ256 ረድፍና በ256 ዓምድ ፒክስሎች የተሠራ። ሥራው አራት መስመር ብቻ ነው፦

```
I = im2double(imread('cameraman.tif'));
h = fspecial('motion', 21, 0);
B = imfilter(I, h, 'conv', 'circular');
R = deconvwnr(B, h);
```

ሁለተኛው መስመር 21 ፒክስል የሚረዝም አግድም እንቅስቃሴ ይፈጥራል። ሦስተኛው እያንዳንዱን ፒክስል በግራና በቀኙ ካሉት ጋር ደምሮ በአማካያቸው ይተካል፤ ሰውየው ወደ ጎን የተጎተተ ይመስላል። አራተኛው ስሌቱን ወደ ኋላ ይመልሰዋል፤ ምስሉም ጥርት ብሎ ይወጣል።

አሁን በደበዘዘው ምስል ላይ ጥቂት ኖይዝ እንጨምር። ኖይዝ ማንኛውም ካሜራ በየፒክስሉ ላይ የሚያኖረው የዘፈቀደ መዛባት ነው። የምንጨምረው ከ256 የግራጫ ደረጃዎች ውስጥ በአማካይ ሁለት ተኩል ያህል የሚያዛባ ነው፤ በዓይን ለማየት እንኳ ያስቸግራል። ያው አራተኛ መስመር እንደገና ሲሠራ ግን ሰውየው ይጠፋል፤ ማያው በኖይዝ ይሞላል።

ምክንያቱን ለማየት ምስሉን እንደ ሞገዶች ድምር ማሰብ ያስፈልጋል። ሰፋፊ ሞገዶች ትልልቁን ቅርጽ፣ ጠባቦቹ ጥቃቅኑን ዝርዝር ይይዛሉ። በ21 ፒክስል አማካይ ሲወሰድ አንዳንዱ ሞገድ እምብዛም አይነካም፤ አንዳንዱ ደግሞ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በዚህ ምስል በስፋቱ 61 ጊዜ የሚመላለሰው ሞገድ ከ1,000 እጅ አንድ እጅ እንኳ አይቀረውም። መልሶ ለማግኘት ፕሮግራሙ ከ1,100 ጊዜ በላይ ያባዛዋል። ኖይዙ የገባው ከብዥታው በኋላ ነውና አልደከመም፤ ከሞገዱ ጋር እሱም ይባዛል። የምስሉ ሁሉ ሲሰላ ኖይዙ በአማካይ ከ100 እጥፍ በላይ ያድጋል። ሁለት ተኩል ደረጃ የነበረው መዛባት ከ250 ሲያልፍ ከነጭ እስከ ጥቁር ያለውን መላ ክልል ይውጠዋል።

ኖይዝ ሳይጨመርም ይኸው ችግር ይመጣል። የደበዘዘው ምስል እንደ ተራ ፎቶ በስምንት ቢት ተቀምጦ እንደገና ቢከፈት፣ የቁጥሮቹ መጠጋጋት ብቻውን ምስሉን በጉልህ ያበላሸዋል። ይህን የስህተት ምንጭ የሚጠቅስ ሪፖርት አይበዛም።

መፍትሔው ሙሉ በሙሉ ለመመለስ አለመጣር ነው። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ኖርበርት ዊነር በ1949 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ የቆመው ማጣሪያ፣ ሞገዱ ከኖይዙ ደክሞ ሲገኝ ማባዛቱን ይተዋል። ለዚህ የኖይዙን ኃይል ከምስሉ ኃይል ጋር አነጻጽሮ መስጠት ያስፈልጋል፦

```
N = imnoise(B, 'gaussian', 0, 0.0001);
R = deconvwnr(N, h, 0.0001/var(I(:)));
```

አሁን ሰውየው ተመልሶ ይታያል፤ ካሜራውና ማቆሚያው ይለያሉ። ጥራቱ ግን እንደ ዋናው አይደለም፤ የተጣሉት ሞገዶች ስለማይመለሱ ጠርዞች አጠገብ ደብዘዝ ያሉ ጥላዎች ይቀራሉ። የመጨረሻውን ቁጥር መለወጥ ብቻ ብዙ ያሳያል፤ ሲያንስ ኖይዙ ይመለሳል፣ ሲበዛ ብዥታው ሳይነቀል ይቀራል።

ሌላው የስህተት ምንጭ `'circular'` የምትለው ቃል ናት። የምስሉ ቀኝ ጠርዝ ከግራው ጋር የተገጠመ ያህል ታሰላለች። በእውነተኛ ፎቶ ከክፈፉ ውጪ የነበረ ነገር ወደ ውስጥ ተስቦ ይገባል፤ ፕሮግራሙ ያንን ስለማያውቅ ከጠርዙ የሚነሱ ሞገዳማ ጥላዎች ወደ መሐል ይዘልቃሉ። `edgetaper` ጠርዙን አለስልሶ ይህን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም።

ከሁሉም የሚከብደው ርዝመቱንና አቅጣጫውን መገመት ነው። በላብራቶሪው 21 ብለን የፈጠርነው እኛው ስለሆንን መልሱን እናውቃለን። የእውነተኛ ፎቶ ርዝመት በግምት 25 ተብሎ ቢሰጥ ግን ጠርዞቹ ተባዝተው መንታ መስለው ይወጣሉ። ግምቱን ለማጥበብ የምስሉን የሞገድ ካርታ ማየት ይረዳል። የአግድም እንቅስቃሴ በእኩል ርቀት የተደረደሩ ጥቁር ቋሚ መስመሮችን ይተዋል፤ በእኛ ምስል በ12 ፒክስል ገደማ ይራራቃሉ። 256ን ለዚያ ርቀት ማካፈል ወደ 21 ያደርሳል። ኖይዙ ከበዛ ግን መስመሮቹ ይሸፈናሉ፤ እጅ ተጠማዞ ወይም ከፎቶው ውስጥ አንዱ ሰው ብቻ ተንቀሳቅሶ ከሆነ ደግሞ አንድ ርዝመት ለመላው ምስል አይሠራም።

ስለዚህ ኖይዝ ያልተጨመረበት፣ ጠርዙ የተገጠመ፣ ርዝመቱም አስቀድሞ የታወቀ ምስል ብቻ የሚያሳይ ሪፖርት፣ የፕሮግራሙን የስሌት ትክክለኛነት እንጂ ፎቶን የማጥራት አቅሙን አላሳየም።