ከሁሉም አቅጣጫ አንድ መልስ

በሁለተኛ ደረጃ ካልኩለስ የተማረ ሰው የ|x|ን ነገር ያስታውሳል። ግራፉ ዜሮ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። ከቀኝ ወደ ዜሮ ሲጠጉ ስሎፑ 1፣ ከግራ ሲጠጉ ደግሞ -1 ነው። ሁለቱ መልሶች ስላልተስማሙ ዜሮ ላይ ዴሪቬቲቭ የለም እንላለን። በተራ ቁጥሮች መስመር ላይ የሚመረመሩት እነዚህ ሁለት አቅጣጫዎች ብቻ ናቸው።

የኮምፕሌክስ ቁጥር ጉዳይ ግን ሌላ ነው። z = x + iy የሚቀመጠው በመስመር ላይ ሳይሆን በሜዳ ላይ ነው፤ x ወደ ቀኝና ወደ ግራ፣ y ወደ ላይና ወደ ታች ይለካሉ። በሜዳ ላይ ወዳለ ነጥብ ከምሥራቅም ከሰሜንም፣ በሰያፍም በጥምዝም መምጣት ይቻላል። ፈንክሽኑ ዴሪቬቲቭ አለው የሚባለው የውጤቱ ለውጥ ለእርምጃው ሲካፈል፣ እርምጃው እያነሰ በሄደ ቁጥር፣ በየትኛውም መንገድ ብንመጣ ወደ አንድ ቁጥር የሚጠጋ ከሆነ ብቻ ነው።

f(z) = z²ን 1 + 2i ላይ እንፈትነው። እዚያ ዋጋው -3 + 4i ነው። አሁን 0.1 ያህል ወደ ቀኝ እንራመድ። (1.1 + 2i)² = -2.79 + 4.4i ስለሚሆን ለውጡ 0.21 + 0.4i ነው፤ ለ0.1 ስናካፍለው 2.1 + 4i እናገኛለን። በዚያው መጠን ወደ ላይ ከተራመድን ደግሞ (1 + 2.1i)² = -3.41 + 4.2i ይሆናል። ለውጡ -0.41 + 0.2i ነው። እርምጃችን ወደ ላይ ስለነበር የምናካፍለው ለ0.1i ነው፤ መልሱም 2 + 4.1i ይሆናል። ሁለቱ መልሶች ገና እኩል ባይሆኑም፣ እርምጃውን ወደ 0.01 ብናሳንስ 2.01 + 4i እና 2 + 4.01i ይሆናሉ። ሁለቱም የሚጠጉት ወደ 2 + 4i ነው፤ ይህም 2z ማለት ነው።

አቅጣጫዎቹ የማያልቁ ስለሆኑ እያንዳንዱን እየተራመዱ መፈተሽ አይቻልም። ስለዚህ ፈንክሽኑን ለሁለት እንከፍለዋለን፤ እውን ክፍሉን u፣ የi ተባዡን v እንበለው። ወደ ቀኝ ስንራመድ የምናገኘው ዴሪቬቲቭ uₓ + ivₓ ነው። ወደ ላይ ስንራመድ ለi ስለምናካፍል መልሱ vᵧ - iuᵧ ይሆናል። ሁለቱ እኩል እንዲሆኑ የሚከተሉት ሊሟሉ ይገባል፦

uₓ = vᵧ
uᵧ = -vₓ

እነዚህ የኮሺና የሪማን እኩልታዎች ይባላሉ። ይሁንና ፈረንሳዊው ዳላምበር ስለ ፈሳሾች ባሳተመው ጥናት በ1752 ደርሶባቸው ነበር። በርንሃርድ ሪማን ደግሞ በ1851 በጎቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፉ የኮምፕሌክስ ፈንክሽን ትምህርት መሠረት አደረጋቸው።

ለz² ስንሠራቸው u = x² - y²፣ v = 2xy ነው። uₓ = 2x፣ vᵧም 2x ነው። uᵧ = -2y፣ vₓ ደግሞ 2y ስለሆነ ሁለተኛውም እኩልታ በየትኛውም ነጥብ ይሟላል።

አሁን ከዚህ የቀለለ የሚመስል ፈንክሽን እንይ፤ የiን ምልክት ብቻ የሚቀይረውን f(z) = x - iyን። እዚህ u = x፣ v = -y ነው። uₓ = 1 ሲሆን vᵧ = -1 ነው። የመጀመሪያው እኩልታ የትም ቦታ አይሟላም፤ ስለዚህ ፈንክሽኑ በአንድም ነጥብ ዴሪቬቲቭ የለውም። ግራፉ እንደ |x| የሚታጠፍበት ቦታ የለውም፤ ሜዳውን እንደ መስታወት ይገለብጠዋል እንጂ። ነገር ግን ወደ ቀኝ ስንራመድ መልሱ 1፣ ወደ ላይ ስንራመድ -1 ነው፤ እርምጃው ምንም ያህል ቢያንስ አይቀራረቡም።

ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚሳሳቱት እኩልታዎቹ ከተሟሉ ነገሩ አለቀ ብለው ሲያስቡ ነው። f = √|xy|ን ዜሮ ላይ እንመልከት። በሁለቱም አክሲሶች ላይ ዋጋው ዜሮ ስለሆነ አራቱም ፓርሻል ዴሪቬቲቮች ዜሮ ናቸው፤ እኩልታዎቹም ይሟላሉ። ነገር ግን x = y = t በሆነበት ሰያፍ ከላይ በቀኝ በኩል ብንመጣ ለውጡ t፣ እርምጃው t + ti ነው። ሲካፈል 0.5 - 0.5i ይሆናል፤ t ምንም ያህል ቢያንስ ዜሮ አይሆንም። ስለዚህ ዴሪቬቲቭ የለም። እኩልታዎቹ የመረመሩት ሁለት መንገዶችን ብቻ ነበር፤ ስህተቱ የተደበቀው በሦስተኛው ላይ ነው።

ይህን ክፍተት የሚዘጋ አንድ ተጨማሪ ሁኔታ አለ። አራቱ ፓርሻል ዴሪቬቲቮች በነጥቡና በዙሪያው ካሉ፣ እዚያም ነጥብ ላይ ሳይዘሉ ቀጣይ ከሆኑ፣ እኩልታዎቹ መሟላታቸው ለሁሉም አቅጣጫ በቂ ማስረጃ ነው። ስለዚህ ፈተና ላይም ሆነ ሥራ ላይ ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ uንና vን ለዩ፤ ቀጥሎ ሁለቱን እኩልታዎች አረጋግጡ፤ ከዚያም የፓርሻል ዴሪቬቲቮቹን ቀጣይነት ሳታዩ «ዴሪቬቲቭ አለው» ብላችሁ አትፍረዱ።